እጥፍ ስኳር ለአንድ ትውልድ ብቻ፦ በተዘጋ ፍላስክ ውስጥ ባክቴሪያን የሚያስቆመው ምንድን ነው?

(በኮንጋ ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር)



እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥኩት ሾጣጣ የብርጭቆ ዕቃ ፍላስክ ይባላል። 250 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ እኔ ግን የጨመርኩበት 50 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፣ አንድ ስኒ ቡና እንኳ አይሞላም። የቀረው አየር ነው። ለምን ይህን ያህል አየር እንደተውኩለት በኋላ እመለስበታለሁ። አፉ በጥጥ ተወትፏል፤ አየር ያልፋል፣ ተውሳክ ግን አያልፍም። ዛሬ ባክቴሪያ አልጨመርኩበትም፤ ለማሳያ ያህል ይዤው መጣሁ እንጂ ማንንም ላሳምም አልመጣሁም።

የዛሬው ጥያቄ ይህ ነው፦ በዚህ ፍላስክ ውስጥ ጥቂት ባክቴሪያ ብንጨምርና ከዚያ በኋላ ምንም ሳንጨምርላቸው፣ ምንም ሳንቀዳባቸው ብንተዋቸው ዕድሜያቸው እንዴት ያልፋል? መጀመሪያ ዝም ይላሉ። ከዚያ ይባዛሉ። ከዚያ ይቆማሉ። በመጨረሻ ይሞታሉ። ይህንን የትምህርት ቤት መጽሐፍ በአንድ ሥዕል ይጨርሰዋል። የእኔ ጉዳይ ሥዕሉ አይደለም። በየምዕራፉ ልጓሙን የያዘው ማን ነው? ያንንስ እንዴት አውቀን ልንናገር እንችላለን?

ለኮንጋ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። በቀይ እሸት ሰሞን ቡናው ከተፈለፈለ በኋላ ዝልግልጉን እንደለበሰ ገንዳ ውስጥ ገብቶ ይብላላል። ያ ገንዳ ትልቅ ፍላስክ ነው ማለት ይቻላል። ጎረቤታችሁ ጓሮ ያለው የቆጮ ጉድጓድም እንዲሁ። ይሁን እንጂ ገንዳውም ጉድጓዱም ውስጥ ያሉት ብዙ ዓይነት ፍጥረታት ናቸው፤ ሕዝብ ሲበዛ ማን ምን እንዳደረገ ለማወቅ ይቸግራል። ስለዚህ መጀመሪያ አንዲት ባክቴሪያ ብቻ ይዘን በትንሹ ዕቃ እንጀምር፤ ወደ ገንዳው በመጨረሻ እንሄዳለን።

የምንይዛት ባክቴሪያ ኢ. ኮላይ ትባላለች፤ በሰውና በከብት አንጀት የምትኖር ናት። የመረጥኳት ከሁሉ ይልቅ የተጠናችው እሷ ስለሆነች ነው። ፍላስኩ ውስጥ የሚያስፈልጓት ጨዋማ ንጥረ ነገሮች በበቂ አሉ። ምግቧ ግሉኮስ የሚባለው ስኳር ነው፣ በሊትር 2 ግራም ሒሳብ። በእኛ 50 ሚሊ ሊትር ውስጥ 0.1 ግራም ይሆናል፤ በጣት ቆንጠር ከምናደርገው ያነሰ። ሙቀቱን 37 ዲግሪ ላይ አድርገን፣ ፍላስኩን ሳናቋርጥ እንወዘውዘዋለን። ትናንት ከተዘጋጀና ካደረ ፍላስክ ጥቂት ጠብታ ወስደን እንጨምራለን፤ በየሚሊ ሊትሩ 1 ሚሊዮን ባክቴሪያ እንዲሆን። አሁን የምነግራችሁን ቁጥሮች ለማስረዳት ብዬ አለስልሻቸዋለሁ። እውነተኛ ሙከራ እንዲህ ያለ ክብ ቁጥር አይሰጥም፤ ልካቸው ግን ከእውነተኛው አይርቅም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰዓቶች ብንቆጥር ያው 1 ሚሊዮን ናቸው። ይህ የዝግጅት ምዕራፍ ነው። ሰው ሲያየው ሥራ የፈቱ ይመስለዋል። ምግቡ ግን ሞልቶ ተርፏል፣ ቦታውም ሰፊ ነው፣ አየሩም አለ። እንግዲህ የሚያግዳቸው ከውጭ ያለ ነገር አይደለም ማለት ነው፤ ልጓሙ በውስጣቸው ነው። ከትናንቱ ፍላስክ የመጡት ምግብ አልቆባቸው ያደሩ ናቸው። በረሃብ ጊዜ ባክቴሪያ የቤቷን ዕቃ ትሸጣለች፤ ፕሮቲን የሚሠሩላትን ራይቦዞም የሚባሉ ጥቃቅን መሥሪያዎች አፍርሳ ትበላቸዋለች፣ አንዳንዱም አካሏ ተጎድቶ ይቆያታል። አሁን ምግብ ሲመጣላት መጀመሪያ የፈረሰውን መጠገን፣ መሥሪያዎቹን እንደገና ማቆም፣ አዲሱን ስኳር የሚያስገባላትን በር መክፈት አለባት። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ጥናት ሳልሞኔላ የተባለችውን ባክቴሪያ አዲስ ምግብ ውስጥ ከገባች ጀምሮ ተከታተላት። ገና በ4 ደቂቃ ውስጥ የምትጠቀምባቸውን ዘረመሎች ለውጣ ተገኘች፤ ብረትንና ማንጋኒዝን የመሳሰሉ ማዕድናትም ወደ ውስጧ ታከማች ነበር። ዝምታው የሥራ ዝምታ ነው።

የዚህ ማስረጃው ቀላል ነው። ከትናንቱ ፍላስክ ሳይሆን፣ አሁን በመባዛት ላይ ካለ ፍላስክ ጠብታ ወስዳችሁ ሙቀቱም ምግቡም ያው ወደሆነ አዲስ ፍላስክ ብትጨምሩ፣ ዝግጅት የሚባል ነገር አይታይም፤ እንደያዙት ይቀጥላሉ። ትናንት ያደረው ባይሆን ሳምንት የቆየ ብትወስዱ ደግሞ ዝግጅቱ ይረዝማል። እናቶቻችን ይህን በእርሾ ያውቁታል። ቶሎ ቶሎ በሚጋገርበት ቤት ያለ እርሾ ሊጡን ፈጥኖ ያነሳዋል፤ ለብዙ ቀን የተረሳ እርሾ ግን ሊጡን ያንቀላፋበታል።

አንድ ስህተት እዚህ ጋ ላመልክታችሁ፣ ተማሪዎቼ በየዓመቱ የሚወድቁበት ስለሆነ። ፍላስኩን በዓይን የሚጠብቅ ሰው ዝግጅቱ አምስት ወይም ስድስት ሰዓት ፈጀ ብሎ ይጽፋል። ውኃ ለዓይን ደፍረስ ማለት የሚጀምረው በየሚሊ ሊትሩ 10 ሚሊዮን ያህል ባክቴሪያ ሲኖር ነው። የእኛዎቹ በሁለተኛው ሰዓት መባዛት ጀምረው በሦስተኛው 2 ሚሊዮን፣ በአራተኛው 4፣ በአምስተኛው 8፣ በስድስተኛው 16 ሚሊዮን ሆነዋል። ዓይናችን ሲያያቸው እነሱ መንገድ ከጀመሩ አራት ሰዓት ሊሞላቸው ነው። እውነተኛውን ዝግጅት የሚለካው ጠብታ ወስዶ፣ አሳስቶ፣ አጋር ላይ ዘርቶ በማግስቱ የበቀለውን መቁጠር ነው። አድካሚ ነው፤ ግን አይዋሽም። ብርሃን እያሳለፈ ድፍርሱን የሚለካው ስፔክትሮፎቶሜትር ፈጣን ነው፤ ሆኖም የሞተውንም በሕይወት ያለውንም አንድ አድርጎ ያያል። ይህ ልዩነት በመጨረሻው ምዕራፍ ያስፈልገናል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ምዕራፍ ገብተናል። በየሰዓቱ እጥፍ ይሆናሉ። በሰባተኛው ሰዓት 32 ሚሊዮን፣ በስምንተኛው 64፣ በዘጠነኛው 128፣ በአሥረኛው 256 ሚሊዮን። እጥፍ የሚሆኑበት ጊዜ አይለዋወጥም። ታዲያ ለምን አንድ ሰዓት? ለምን ግማሽ ሰዓት አልሆነም? ብዙ ሰው «ስኳር ብንጨምርላቸው ይፈጥናሉ» ይላል። አይፈጥኑም። ፈረንሳዊው ዣክ ሞኖ ይህን ለክቶታል፤ በእሱ ልኬት ኢ. ኮላይ ከፍተኛ ፍጥነቷን ወደ ግማሽ የምትቀንሰው ግሉኮሱ በሊትር ወደ 4 ሚሊ ግራም ሲወርድ ነው። እኛ የሰጠናት 2,000 ሚሊ ግራም ነው። ከመጠን በላይ የቀረበለት ማዕድ ፊት የተቀመጠ ሰው አስቡ፤ ሌላ መሶብ ቢመጣለት አጎራረሱ አይፈጥንም፤ አፉ አንድ ነው።

የሚወስነው ፋብሪካው ነው። ባክቴሪያ ሁለት ለመሆን መላ አካሏን መድገም አለባት፤ ከአካሏም ሰፊውን ድርሻ የሚይዘው ፕሮቲን ነው፤ ፕሮቲኑን የሚሠራው ደግሞ ራይቦዞም ነው። ራይቦዞምም ራሱን ለመድገም ጊዜ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1958 ኮፐንሃገን ውስጥ ሼክተር፣ ማሎይና ኬልጎር የተባሉ ተመራማሪዎች ሳልሞኔላን በተለያዩ ምግቦች አሳድገው ነበር። ምግቡ የተሻለ ሲሆን ባክቴሪያዎቹ ከመፍጠናቸው ጋር ይገዝፉ ነበር፣ ፋብሪካቸውም ይበዛ ነበር። የተሻለ የሚባለው የተሠራ ምግብ ነው። ስኳር ብቻ ከሰጠናት አሚኖ አሲዱን ሁሉ ራሷ መቀመም አለባት፤ የሥጋ መረቅ ከሰጠናት ግን ተዘጋጅቶ ይመጣላታል፣ እጥፍ መሆኛዋም ከአንድ ሰዓት ወደ 20 ደቂቃ ይወርዳል። የምግቡ ዓይነት ፍጥነትን ይለውጣል፤ የምግቡ ብዛት አይለውጥም፣ እስኪያልቅ ድረስ።

ሁለተኛው ልጓም ሙቀት ነው። ለባክቴሪያዋ በሚስማማው ክልል ውስጥ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ ፍጥነቷ በግምት በግማሽ ይወርዳል። በ37 ዲግሪ አንድ ሰዓት የፈጀባት በ27 ዲግሪ ሁለት ሰዓት፣ በ17 ዲግሪ አራት ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈጅባታል። የኮንጋን የኅዳር ሌሊት ለምታውቁ ይህን ማብራራት አያስፈልገኝም።

አሁን የንግግሬ ዋና ነጥብ ላይ ደረስኩ፤ ትንሽ ልቆይበት። የተሰጣት ስኳር ስንት ባክቴሪያ ይመግባል? ግማሽ ያህሉ ክብደት ወደ አካልነት ይለወጣል፤ ሌላው ለጉልበት ይቃጠላል። በሊትር ከ2 ግራም ስኳር በደረቁ ቢመዘን 1 ግራም ያህል ባክቴሪያ ይገኛል። ያ በየሚሊ ሊትሩ 3,000 ሚሊዮን ገደማ ነው። እንግዲህ መጨረሻው ከወዲሁ ታውቋል፤ ማዕዱ 3,000 ሚሊዮን ነፍስ ይመግባል፣ ከዚያ በላይ አይመግብም።

ወደ ሰዓታችን እንመለስ። በአሥረኛው ሰዓት 256 ሚሊዮን ነበሩ። ከስኳሩ ምን ያህል ተበላ? ከአሥር እጅ አንዱ እንኳ አልሞላም። አሥር ሰዓት ሙሉ ሲሠሩ ኖረው ማዕዱ አልተነካም ማለት ይቻላል። በዐሥራ አንደኛው ሰዓት 512፣ በዐሥራ ሁለተኛው 1,024 ሚሊዮን ይሆናሉ። አሁንም ከሦስት እጅ ሁለቱ አለ። በዐሥራ ሦስተኛው 2,048 ሚሊዮን ሲሆኑ የቀረው አንድ ሦስተኛው ነው። ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ አለቀ። ከዘጠኝ አሥረኛው በላይ የሆነው ምግብ የተበላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። በአሥረኛው ሰዓት አይቶ «ገና ነው» ብሎ ለመተኛት የሄደ ጠባቂ ሲመለስ ሁሉ አልቆ ያገኛል።

ታዲያ ስኳሩን እጥፍ፣ በሊትር 4 ግራም ብናደርገው ምን ያህል ጊዜ እናተርፋለን? ይህን ጥያቄ ስጠይቅ «እጥፍ ጊዜ» የሚለኝ ብዙ ነው። የምናተርፈው አንድ ሰዓት ነው። 3,000 ሚሊዮኑ አንዴ ብቻ እጥፍ ሆነው 6,000 ሚሊዮን ይሆናሉ፤ ማዕዱም ያልቃል። እጥፍ ስኳር የሚገዛው አንድ ትውልድ ነው። አራት እጥፍ ብናደርገው ሁለት ትውልድ። ስኳሩ ሲበዛ ግን ሌላ ነገር ሊቀድም ይችላል፤ ስኳሩ ሳያልቅ የሚቆሙበት።

ሦስተኛው፣ የእርጋታው ምዕራፍ የሚባለው ይህ ነው። ቁጥሩ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ባክቴሪያዎቹ እያነሱ፣ ቆዳቸውን እያወፈሩ፣ የመከራ ዕቃቸውን እየሰበሰቡ ይቀመጣሉ። ሁሉም ፍላስክ እዚህ ይደርሳል፤ ምክንያቱ ግን አንድ አይደለም። ሦስት ተጠርጣሪዎች አሉ፦ ምግብ ማለቁ፣ አየር ማጠሩ፣ በገዛ ቆሻሻቸው መመረዛቸው። ከውጭ ሲታዩ ሦስቱም አንድ ዓይነት ጠፍጣፋ መስመር ይሰጣሉ። ሥዕሉን ብቻ ያየ ሰው አንዱን ከሌላው ሊለይ አይችልም፤ የሥዕሉ ትልቁ ጉድለትም ይሄ ነው።

አየሩን እንመልከት። ውኃ ኦክስጅንን አጥብቆ አይዝም። 37 ዲግሪ በሞቀ ውኃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን እጅግ ጥቂት ነው። በየሚሊ ሊትሩ 3,000 ሚሊዮን ባክቴሪያ እየበሉ ሳለ መወዝወዙን ብናቆም፣ በውኃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን የሚበቃቸው ለአንድ ደቂቃ ገደማ ነው። ስለዚህ ኑሯቸው የሚያዘው ከላይ ባለው አየርና በመወዝወዙ ላይ ነው። ከ250 ሚሊ ሊትሩ 50 ብቻ የሞላሁት ለዚህ ነው፤ ፈሳሹ ሳሳ ብሎ ብዙ ፊቱ አየር እንዲያገኝ። በተጨማሪ እኛ ያለነው ከፍታ ላይ ነው። ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ አራት አምስተኛው ያህል ነው፤ ወደ ውኃው የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የውጭ አገር መጽሐፍ ላይ ያለውን የመወዝወዣ ፍጥነት እዚህ ቀድቶ የሚሠራ ሰው ባክቴሪያዎቹ ሳይጠግቡ ይቆሙበታል፤ ከዚያ ምግቡን ይወቅሳል። አየር ያጠራት ኢ. ኮላይ ወዲያው አትሞትም፤ ስኳሩን ሳታቃጥል በከፊል ብቻ ትሰብረውና ኮምጣጣ አሲዶች ትጥላለች። አንዱ ችግር ሌላውን ይወልዳል።

ወደ አሲዱ እንግባ። የአሲድ መለኪያው ፒኤች ይባላል፤ 7 መካከለኛ ነው፣ ቁጥሩ በአንድ በወረደ ቁጥር ኮምጣጣነቱ አሥር እጥፍ ይበረታል። ላክቲክና አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም የእርጎና የኮምጣጤ አሲዶች፣ ተንኮላቸው ልዩ ነው። ፈሳሹ ሲኮመጥጥ የኤሌክትሪክ ሙላቸውን ይተዉና ገለልተኛ ሆነው በባክቴሪያዋ ቆዳ ሰርገው ይገባሉ። ውስጧ ብዙም ኮምጣጣ ስላልሆነ እዚያ ሲደርሱ ይከፈታሉ፣ የያዙትንም አሲድ ይረጩባታል። እሷ ያንን ወደ ውጭ ስትገፋ ጉልበቷን ትጨርሳለች። በቤቷ ውስጥ ጎርፍ የገባባት ሴት ውኃ ስትቀዳ ምድጃው ላይ ድስት መጣድ አትችልም። ስኳር በዙሪያዋ ሞልቶ እያለ መባዛቷን ታቆማለች።

አሁን ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ እንዴት እናውቃለን? እኔ ከሁሉ የማከብረው ሙከራ ብዙ መሣሪያ የማይፈልገውን ነው። አምስት ፍላስክ አሰልፉ። በሊትር ግማሽ፣ 1፣ 2፣ 4 እና 8 ግራም ስኳር ጨምሩባቸው፣ ሌላው ሁሉ አንድ ይሁን። ካደረ በኋላ መጨረሻ የደረሱበትን ቁጥር ለኩ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ስኳሩ በታጠፈ ቁጥር እጥፍ እጥፍ ቢሰጡ፣ 750፣ ከዚያ 1,500፣ ከዚያ 3,000 ሚሊዮን፣ ያስቆማቸው የስኳሩ ማለቅ ነው። አራተኛው በ6,000 ፋንታ 5,000 ቢሰጥ፣ አምስተኛውም ስኳሩ ታጥፎ ሳለ ያው 5,000 ላይ ቢቆም፣ እዚያ ሌላ ልጓም ገብቷል። መስመሩ ቀጥ ባለበት ምግብ፣ በታጠፈበት ሌላ ነው።

ሌላው የቱ ነው? የቆሙትን ባክቴሪያዎች አዝቅጣችሁ ከላይ ያለውን ጠላላ ፈሳሽ ለሦስት ክፈሉት። ለአንዱ ስኳር፣ ለሁለተኛው አሲዱን የሚያረክስ ጥቂት ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ለሦስተኛው ምንም አትጨምሩ፤ ግን በሰፊ ዕቃ አድርጋችሁ አጥብቃችሁ ወዝውዙት። በሦስቱም አዲስ ባክቴሪያ ዝሩባቸው። የቱ ውስጥ እንደገና ተነሡ? የተነሡበት ፈሳሽ ልጓሙን ይነግራችኋል። አንድ ጊዜ በወጣትነቴ በሠራሁበት ቤተ ሙከራ ለሦስት ሳምንት ምግቡን ስንለዋውጥ ከርመን፣ ጥፋቱ ፍላስኩን እስከ ግማሽ መሙላታችን ሆኖ ተገኘ። በአምስት ደቂቃ የሚታይ ነገር ነበር።

ስለ አራተኛው ምዕራፍ ብዙ አልልም። ሞቱም ልክ እንደ ልደቱ በእጥፍ ሒሳብ ነው፤ በየተወሰነው ጊዜ ከቀሩት ግማሹ ይሞታል። ስፔክትሮፎቶሜትሩ ግን ፈሳሹ አሁንም ድፍርስ ነው ይላችኋል፤ ሬሳም ብርሃን ይከልላልና። የሚገርመው ሁሉም አለመሞታቸው ነው። ጥቂቶቹ የሞቱትን እየበሉ ይቆያሉ፣ ከእነሱም መካከል ለረሃብ የሚስማማ የዘር ለውጥ ያገኙት ሌሎቹን እየገፉ ይወርሳሉ። ፊንከልና ኮልተር የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን በ1990ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በዝርዝር አሳይተዋል። እንዲህ ያለ ፍላስክ ምንም ምግብ ሳይጨመርበት ለዓመታት ሕይወት አይጠፋበትም።

አሁን ወደ ገንዳው። ከፍላስኩ የሚለየው በሁለት ነገር ነው። ማንም አይወዘውዘውም፤ ስለዚህ ከላይ ካለው ስስ ሽፋን በቀር ኦክስጅን የለውም። የሚበዙት ላክቲክ አሲድ ሠሪ ባክቴሪያዎች ግን ኦክስጅን አይሹም፤ ያ ልጓም በእነሱ ላይ አይሠራም። ሁለተኛ፣ በገንዳው ውስጥ ያለው አንድ ዘር አይደለም። ስለዚህ አንዱ ሲቆም ሁሉ ይቆማል ማለት አይደለም።

ይህን ሁለተኛውን ነጥብ በቆጮ ያሳዩን የአገራችን ሰው ናቸው። በወቅቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት ብርሃኑ ጋሼ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት፣ የእንሰቱ መብላላት ሲጀምር የሚቀድሙት ሉኮኖስቶክ ሜሰንትሮይድስና ስትሬፕቶኮከስ የተባሉ ባክቴሪያዎች መሆናቸውን አገኙ። እነዚህ ፒኤቹን ከ6.5 ወደ 5.6 ያወርዱታል። ከዚያ በገዛ አሲዳቸው እየደከሙ ቦታውን ላክቶባሲለስ ለሚባሉት ይለቃሉ፤ እነዚህኞቹም እስከ 4.2 ያደርሱታል። የመጀመሪያዎቹን ያስቆመው አሲድ ለተከታዮቹ ገና ልጓም አልሆነም። የአንዱ እርጋታ የሌላው ሩጫ ነው። ስለዚህ ስለ ጉድጓድ ወይም ስለ ገንዳ አንድ መስመር የሚስል ሰው የብዙዎችን መስመር ደራርቦ እየሣለ መሆኑን ይወቅ።

የቡናው ገንዳ ፒኤችም ከ5.5 አካባቢ ተነሥቶ ወደ 4 ይወርዳል። ዝልግልጉን ከፍሬው የሚያላቅቁት ፍሬው ራሱና ረቂቅ ፍጥረታቱ የሚያወጡት ኢንዛይምና ይኸው አሲድ ናቸው። በዚህ አካባቢ ሥራው ሁለት ቀን፣ ብርድ ሲበረታ ከዚያም በላይ የሚፈጅበትን ምክንያት አሁን በራሳችሁ መናገር ትችላላችሁ፤ ሙቀቱ እጥፍ መሆኛውን ያስረዝመዋል። ዝግጅቱን የሚወስነው ደግሞ የገባው እርሾ ነው። ከትናንቱ ዙር ገንዳው ጥግ ወይም ስንጥቅ ውስጥ ተለጥፎ የቀረ ፍሬ ሁለት ጥፋት ይሠራል፦ ለአዲሱ ዙር ያልታሰበ እርሾ ይሆናል፣ እሱ ራሱም ለሁለተኛ ጊዜ ሲብላላ ይበሰብሳል። ቡናው ከተፈላ በኋላ ስኒ ላይ የሚሸተው እንዲህ ያለው ፍሬ ነው፤ ጥቂቱ ሙሉውን ጆንያ ያበላሻል። ገንዳውን በየዙሩ በብሩሽ መፈተግ የንጽሕና ወግ ብቻ ሳይሆን ሰዓት ማስተካከያ ነው።

መብላላቱን ለማዘግየት ውኃ መቀየር ይረዳል ወይ ብሎ አንድ የገንዳ ሠራተኛ ጠይቆኝ ነበር። በጥቂቱ ይረዳል። ዘጠኝ አሥረኛውን ፈሳሽ ብታፈሱና በንጹሕ ብትተኩት ባክቴሪያዎቹ የጠፋባቸውን በሦስት ትውልድና በጥቂት ይመልሱታል። ይልቁንም በፍሬው ላይ ተጣብቀው የቀሩትን አላፈሰሳችኋቸውም። አሲዱ ግን ሳስቷል፤ ማለት ልጓማቸውን አላልታችሁላቸዋል። ዝልግልጉ ከለቀቀና ከታጠበ በኋላ በንጹሕ ውኃ መዘፍዘፉ ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ ምግቡ ራሱ ሄዷል።

የመጨረሻው ጉዳይ ገንዳውን መቼ መፈተሽ እንዳለባችሁ ነው። በየሰዓቱ እኩል አትፈትሹት። ከፍላስኩ እንዳያችሁት ሥራው ሁሉ በመጨረሻው ሩብ ይከመራል፤ የኢንዛይሙም የአሲዱም ብዛት የሚከተለው የባክቴሪያውን ብዛት ነውና። በመጀመሪያው ቀን ጠዋትና ማታ ፒኤች ወረቀት መንከር ይበቃል፤ ቁጥሩንም ከሰዓቱ ጋር ጻፉት፣ የውኃውን ሙቀትም እንዲሁ። ቁጥሩ ከ5 በታች ማሽቆልቆል ሲጀምር ግን በየሰዓቱ እጃችሁን አስገብታችሁ ፍሬውን እሹት፤ እንደ ጠጠር ሻካራ ሆኖ መንሸራተቱን ሲተው ጊዜው ደርሷል። ያ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ላይ ይውላልና በሚመጣው ምርት የመጀመሪያውን ሌሊት ተኙ፤ ጠባቂ የምትመድቡት ለሁለተኛው ይሁን።